በጆንያ የሚከፈል የድንች ለቀማ፦ ገንዘቡን እኩል፣ በሞሉት ወይስ ነጋዴው በተቀበለው ልክ እንካፈል?

በሜጫ፣ በቆጋ መስኖ፣ የበጋው ድንች ሲወጣ የእኛ ቡድን የሚከፈለው በቀን ሳይሆን በጆንያ ነው። ጠማጁ ፈሩን በማረሻ ይገለብጣል፣ ለቃሚዎች ከኋላ እየተከተሉ ይለቅማሉ፣ የሞላውን ጆንያ ሰፊው በወስፌና በሲባጎ አፉን ይሰፋል። ማታ ነጋዴው ቆጥሮ የሁሉንም ገንዘብ ለአንድ ሰው ይሰጣል። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለም። ጠቡ የሚነሳው ገንዘቡ በዚያ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ነው። ሁሉም "ሰው በሞላው ልክ ይውሰድ" ይላል። ነገር ግን "የሞላ" የሚባለው የትኛው ጆንያ ነው? ቀኑን ሙሉ ሲሰፋ ውሎ አንድም ጆንያ ያልሞላው ሰውስ በምን ልክ ይውሰድ?

የቡድናችንን ደብተር የምይዘው እኔ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ሦስት ዓይነት አከፋፈል ሞክረናል፣ በሦስቱም ተጣልተንባቸዋል። ሦስቱን በአንድ ቀን ሥራ ላይ ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው፤ ለእናንተ ቡድን የሚስማማው የትኛው እንደሆነ ያኔ ለመምረጥ አያስቸግርም። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው። የጆንያ ዋጋ ከማሳ ማሳ፣ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ የራሳችሁን አስገቡ።

ቡድኑ ስድስት ሰው ነው። አምስቱ ለቃሚ ናቸው፦ ታላቅና ታናሽ ወንድማማቾች፣ አንዲት እናትና ሴት ልጇ፣ እንዲሁም አንድ አዛውንት። ስድስተኛው ሰፊው ነው። ነጋዴው ለአንድ ጆንያ 60 ብር ሊከፍል ጠዋት ተስማምቷል። ማታ በደብተሬ ላይ ታላቅ ወንድም 21፣ ታናሹ 18፣ እናት 17፣ ልጅ 13፣ አዛውንቱ 11 ጆንያ ሞልተዋል፤ በድምሩ 80። ነጋዴው ግን አይሱዙው ላይ ከመጫኑ በፊት ጆንያዎቹን እየነካካ ሄደና የላሉትን አስፈታ። አራቱን ጆንያ ለሌሎቹ መሙያ አደረጋቸው። የተጫነው 76 ነው፣ የከፈለውም 4560 ብር ነው። እንግዲህ በደብተሩ 80፣ በገንዘቡ 76 አለን። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በሙሉ ያለው በእነዚህ አራት ጆንያዎች ውስጥ ነው።

እኩል መካፈል

4560 ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 760 ብር ይደርሳል። ሒሳቡ ደብተር አያስፈልገውም፣ ሰፊውም አይረሳም። እኛ አገር ብዙ ሰው መጀመሪያ ወደዚህ የሚያዘነብለው ደቦና ወንፈል ለምዶ ስላደገ ይመስለኛል። በወንፈል ማንም የማንንም ነዶ አይቆጥርም፤ ዛሬ ለእኔ ከመጣህ ነገ ለአንተ እመጣለሁ። ነገር ግን ወንፈል ሚዛኑን የሚጠብቀው ተራው ስለሚዞር ነው። በኪራይ ሥራ ተራ የለም። ዛሬ 21 ጆንያ የሞላ ሰው ነገም 21 ይሞላል፣ 11 የሞላውም ያው 11 ይሞላል፤ ልዩነቱ በየቀኑ እየተደመረ ይሄዳል እንጂ አይመለስም።

በእኩል ክፍያ ምን እንደሚሆን ደብተሩ ላይ በሁለትና በሦስት ቀን ይታያል። የአዛውንቱ ቁጥር አይቀንስም። የሚቀንሰው የታላቅ ወንድም ነው፦ 21፣ ከዚያ 17፣ ከዚያ 14። በአራተኛው ቀን ሁለቱም ወንድማማቾች ሌላ ቡድን ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። ስለዚህ እኩል መካፈልን የምመክረው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንደኛው ቡድኑ አንድ ቤተሰብ ሆኖ ገንዘቡ ወደ አንድ ጓዳ የሚገባ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ሥራው ግማሽ ቀን ብቻ ሆኖ የሁሉም ቁጥር ከሁለትና ከሦስት ጆንያ በላይ የማይራራቅ ሲሆን ነው።

በሞሉት ልክ መካፈል

እዚህ መጀመሪያ የሚመጣው የሰፊው ጉዳይ ነው። 4560ን ለ80 ብታካፍሉት ለአንድ ጆንያ 57 ብር ይወጣል፤ በየሰው ቁጥር ስታባዙት ገንዘቡ አልቆ ሰፊው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ የእሱ ድርሻ ከላይ መነሳት አለበት፣ ቀሪው ነው በጆንያ የሚካፈለው።

የሰፊውን ድርሻ ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደ አንድ አማካይ ለቃሚ መቁጠር ነው። አምስቱ ሰዎች በአማካይ 16 ጆንያ ሞልተዋልና ለእሱም 16 ይጻፍለታል። ሁለተኛው ከእያንዳንዱ ከተጫነ ጆንያ ቁርጥ ዋጋ መስጠት ነው፤ ለምሳሌ 10 ብር። በዚህ ቀን ሁለቱም 760 ብር ይሰጡታል፣ ስለዚህ ልዩነታቸው አይታይም። ለቃሚዎቹ ከአምስት ወደ ዘጠኝ ቢጨምሩ ግን ልዩነቱ ይወጣል፦ የሚሰፋው ጆንያ በእጥፍ ሊጠጋ ነው፣ በአማካዩ መንገድ ግን የሚደርሰው ያው የአንድ ለቃሚ ድርሻ ነው። እኔ ቁርጡን እመርጣለሁ። ሰፊውም ስንት እንደሚያገኝ ራሱ ሊቆጥር ይችላል፤ የሰፋውን ሲባጎ አይቶ ያውቀዋል።

760 ከተነሳ በኋላ 3800 ብር ይቀራል። 3800 ÷ 80 = 47.50። ታላቅ ወንድም 997.50፣ ታናሹ 855፣ እናት 807.50፣ ልጅ 617.50፣ አዛውንቱ 522.50 ይደርሳቸዋል።

ይህ መንገድ ከእኩሉ የሚሻልበት ነገር ብዙ ነው፤ አንዱን ግን ለይቼ ልናገር፣ ምክንያቱም በቀን ክፍያ ዘመን ዓይኔ ስላየው። በቀን ሲከፈል ሴቶች ከወንዶች ያነሰ የተሰጣቸው ማሳ ላይ ሠርቻለሁ፤ የሚሰጠውም ምክንያት "ወንድ ይበልጥ ይሠራል" የሚል ነበር። በጆንያ ሲቆጠር ያቺ እናት ከታናሽ ወንድም የምታንሰው በአንድ ጆንያ ብቻ ነው። ደብተሩ ላይ 17 እና 18 ጎን ለጎን ተጽፎ ሲታይ ያ ምክንያት የሚቆምበት እግር አያገኝም።

ጉድለቱ ግን ከባድ ነው። ነጋዴው የቀነሳቸው አራት ጆንያዎች ዋጋ ዝም ብሎ ለሁሉም ተሰራጭቷል። ሰፊውን ትተን ብንቆጥር፣ ለለቃሚዎች በአንድ ጆንያ መድረስ የነበረበት 60 ሲቀነስ 10፣ ማለትም 50 ብር ነበር። የደረሳቸው 47.50 ነው። ከእያንዳንዱ ጆንያ 2.50 የተቆረጠው ጥብቅ አድርጎ ከሞላውም አላልቶ ከሞላውም እኩል ነው። ሰው ይህን ሲያውቅ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም፤ ማላላት ይጀምራል። ቁጥሩ ይጨምራል፣ ኪሳራው ግን የጋራ ነው።

የላላ ጆንያ እንዴት ይታወቃል

በዓይን አይታወቅም። የላላ ጆንያ ከተሰፋ በኋላ ከጥብቁ ጋር እኩል ቆሞ ይታያል፣ በተለይ ድንቹ ትልልቅ ሲሆን። "በለጠ" የሚባለውን የድንች ዝርያ ተክላችሁ ከሆነ ትልልቁ ፍሬ እርስ በርሱ እየተደገፈ መሀሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። እኛ ገና ሳይሰፋ ነው የምንፈትነው። ሰፊው ጆንያውን በሁለት ጆሮው ይዞ ትንሽ ከፍ ያደርግና ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ጣል ጣል ያደርገዋል። ድንቹ ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከወረደ ጥብቅ ነው፣ ይሰፋል። አንድ ጭብጥ ከወረደ ይመለሳል፤ ለቃሚው ሞልቶ ያመጣዋል። ከፍ አድርጎ መጣል አይገባም፣ ድንቹ ይቀጠቀጣል። የተቀጠቀጠውና በዶማ ወይም በማረሻ የተቆረጠው ድንች ጆንያ ውስጥ ጎረቤቱን ይዞ ይበሰብሳል፤ ነጋዴው ያን ያወቀ ዕለት ደግሞ የሚቀንሰው አራት ጆንያ ብቻ አይሆንም።

ሌላው የፍጥነት ማታለያ ጆንያው ውስጥ ሳይሆን ፈሩ ውስጥ ነው ያለው። በጆንያ የሚከፈለው ሰው ትልልቁን አንስቶ ትንንሹን አፈር ውስጥ ትቶ ሊያልፍ ይችላል። የማሳው ባለቤት ይህን የሚያውቀው ከሰዓት ቃርሚያ ለቃሚዎች ሲገቡ ነው። ለወትሮው እፍኝ እፍኝ የሚያገኙ ልጆች በአንድ ፈር ላይ ቅርጫት ከሞሉ፣ ያ ፈር በደንብ አልተለቀመም። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የማን ፈር እንደሆነ ይታወቅ፣ ሰውየው ወደሚቀጥለው ፈር ከመግባቱ በፊት የቡድኑ አለቃ በእግሩ አፈሩን እየገፋ አንዴ ይለፍበት።

ነጋዴው በተቀበለው ልክ መካፈል

ይህ ከሁለተኛው የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ጆንያ የማን እንደሆነ ምልክት አለው። እኛ የምንጠቀመው ከአሮጌ ልብስ የተቀደደ ባለቀለም ጨርቅ ነው። ጠዋት ለእያንዳንዱ ለቃሚ አንድ ቀለም ይሰጠዋል፤ ሰፊው ሲሰፋ የመጨረሻውን ቋጠሮ ከጨርቁ ቁራጭ ጋር ያስራል። ሲባጎው ካልተፈታ ጨርቁ አይወልቅም። ማታ ነጋዴው የላላ ጆንያ ሲያስፈታ ጨርቁን አንስቼ ኪሴ እከታለሁ። ሲያልቅ ኪሴ ውስጥ ያለው ነው ከደብተሩ የሚቀነሰው።

በዚህ ቀን ከፈቱት አራት ጆንያዎች ሦስቱ የታላቅ ወንድም፣ አንዱ የታናሹ ነበሩ እንበል። ደብተሩ ይስተካከላል፦ ታላቁ 18፣ ታናሹ 17፣ እናት 17፣ ልጅ 13፣ አዛውንቱ 11፤ ድምሩ 76። አሁን 3800 ÷ 76 = 50 ብር፣ ልክ መድረስ የነበረበት ዋጋ ነው።

| | የሞሉት | የተጫነው | እኩል | በሞሉት | በተጫነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ታላቅ ወንድም | 21 | 18 | 760 | 997.50 | 900 |
| ታናሽ ወንድም | 18 | 17 | 760 | 855 | 850 |
| እናት | 17 | 17 | 760 | 807.50 | 850 |
| ልጅ | 13 | 13 | 760 | 617.50 | 650 |
| አዛውንት | 11 | 11 | 760 | 522.50 | 550 |
| ሰፊ | – | – | 760 | 760 | 760 |

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓምዶች አስተያዩ። ታላቅ ወንድም 97.50 ብር ወረደበት፣ ታናሹ 5 ብር። እናት 42.50፣ ልጅ 32.50፣ አዛውንቱ 27.50 ጨመረላቸው። ይህ 102.50 ብር ከየትም አልመጣም። በሁለተኛው መንገድ ቢካፈሉ ኖሮ ሦስቱ ጥንቁቅ ለቃሚዎች ለላላው ጆንያ ከኪሳቸው የሚከፍሉት ነበር። በአንድ ቀን ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለአዛውንቱ ግን ከግማሽ ጆንያ በላይ ጉልበት ነው፣ እሳቸው አንድ ጆንያ ለመሙላት ስንት ጊዜ ወገባቸውን ይዘው እንደሚቆሙ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ጨርቁን ስናስገባ የተቃወመው በጣም ፈጣኑ ለቃሚያችን ነበር። "ደብተሬ ላይ የተጻፈውን ማን ይፍቀዋል?" አለ። አዛውንቱ ቀስ ብለው "ልጄ፣ የተጻፈልህን አይደለም፣ የተጫነልህን ነው ነጋዴው የሚያውቀው" አሉት። በሁለተኛው ሳምንት የእሱ ቁጥር ከ21 ወደ 19 ወረደ፣ ከ19ኙ ግን አንድም አልተፈታም። ጨርቁ ከገባበት ከመጀመሪያው ሳምንት የበለጠ ብር ይዞ ነው የሚሄደው።

ይህ መንገድ የማይሠራበት ቦታም አለ። ነጋዴው ሳይፈትን በድፍኑ "አራት ቀንሻለሁ" ብሎ ከሄደ የማን እንደቀነሰ አይታወቅም። ያኔ ጉድለቱን ለሁሉም በየቁጥራቸው ማሰራጨት እንጂ ሌላ ፍትሐዊ መንገድ የለም፤ ወደ ሁለተኛው ትመለሳላችሁ። ሰፊ በሌለበት፣ እያንዳንዱ የራሱን በሚሰፋበት ቡድን ደግሞ ጨርቅ መለዋወጥ ይመጣል፤ ቋጠሮውን የሚያስረው ለቃሚ ያልሆነ ሰው መሆን አለበት። በኪሎ በሚዛን የሚገዛ ነጋዴ ከመጣ የላላና የጠበቀ ጣጣው ሁሉ ይቀራል፤ በየቀለሙ እየለዩ መመዘን ነው።

ግማሹን እኩል፣ ግማሹን በጆንያ የሚያካፍሉ ቡድኖችም አሉ። ምክንያታቸው ፈሩ እኩል አይደለም የሚል ነው፤ ዳር ያለው ውኃ የተኛበት ወይም ድንቹ የደረቀበት ሲሆን እዚያ የወደቀ ሰው ያለ ጥፋቱ ቁጥሩ ይወርዳል። ችግሩ እውነተኛ ነው። ግን ማስተካከል ያለበት በፈሩ ነው እንጂ በገንዘቡ አይደለም። ጠዋት ፈሩን በዕጣ አካፍሉ፣ ከምሳ በኋላ የዳሩና የመሀሉ ይለዋወጡ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልዩነት የእጅ ልዩነት ነው።

አካፋዩ የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች

የመጀመሪያው የዋጋ ማጠጋጋት ነው፤ እኔም ለቃሚ ሳለሁ የተበላሁበት ነው። በሁለተኛው መንገድ ለጆንያ 47.50 ወጥቶ ነበር። አለቃው "ሳንቲም የለም፣ 47 ነው" ካለ 80 ጆንያ በ47 ሲባዛ 3760 ብር ነው። 40 ብር ማንም ሳያየው ቀረ። ትክክለኛው አካሄድ የጆንያውን ዋጋ ሳይቆርጡ ማባዛት፣ የሚቆረጠውን ከየሰው የመጨረሻ ድርሻ ላይ ብቻ መቁረጥ ነው። ያኔ ከአራት ሰው ሃምሳ ሃምሳ ሳንቲም ቢቆረጥ የሚተርፈው 2 ብር ብቻ ነው፣ እሱም ለማን እንደሚሄድ ፊት ለፊት ይነገራል። ለመፈተን ቀላል ነው፦ የስድስቱን ሰው ድርሻ ደምሩ፣ ነጋዴው የከፈለው 4560 መምጣት አለበት። ለቃሚ ከሆናችሁ ይህን ድምር አለቃችሁ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጠይቁ።

ሁለተኛው የምሳው ሒሳብ ነው። አለቃው ለሁሉም እንጀራ ገዝቶ 300 ብር ካወጣና ከመካፈሉ በፊት ከጠቅላላው ከቀነሰው፣ ብዙ የሞላው ሰው የሌላውን ምሳ እየከፈለ ነው። ሁሉም እኩል በልተዋል፣ ስለዚህ ከተካፈለ በኋላ ከየሰው 50 50 ብር ይቀነስ። የሲባጎው ዋጋ ግን በተቃራኒው ነው። ሲባጎ የሚያልቀው በጆንያ ቁጥር ስለሆነ እሱ ከላይ፣ ከሰፊው ድርሻ ጋር አብሮ ይነሳ።

ከሁለት ፈር መጨረሻ የተዋጣ ጆንያ ሲኖር በባልዲ ቁጠሩ። በእኛ ጆንያ አምስት ባልዲ ይገባል፤ እናት ሦስት፣ ልጅ ሁለት ካገቡ ለእናት 0.6፣ ለልጅ 0.4 ጆንያ ይጻፋል፣ ቋጠሮው ላይም ሁለቱም ቀለም ይታሰራል። እንዲህ ዓይነቱን ጆንያ ለማታ አታቆዩት፤ ገና ሰፊው ፊት ቆሞ ሳለ፣ ሁለቱም ሰዎች እያዩ ይጻፍ።